ግቢው 95 በመቶ ሞልቷል ይላል፣ ብሩ ግን ሌላ ነው የሚያወራው፤ በወር ሪፖርቴ ላይ እርዱኝ

ፔዳ ጎረቤት | ኅዳር 3፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ያለውን የወንድሜን ግቢ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። 20 ክፍል አለው። ሁሉም በወር 3,000 ብር ይከራያል። ወንድሜ ውጭ አገር ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ዳሽቦርድ ላኪልኝ አለኝ። የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ስንት ክፍል እንደተያዘ፣ ስንት ተከራይ እንደተቀያየረ፣ ክፍሎች ስንት ቀን ባዶ እንደዋሉ፣ ከኪራዩ ስንቱ እንደተሰበሰበ።

የጥቅምትን በኤክሴል ሠርቼ ላክሁለት። የተያዘ 95 በመቶ። የተቀያየረ 4 ተከራይ። ባዶ የዋለ በአማካይ 11 ቀን። የተሰበሰበ ኪራይ 110.5 በመቶ።

ወዲያው ደወለ። "ከመቶ በላይ እንዴት ይሰበሰባል? ትርፉን ማን ሰጠሽ?" ብሎ ሳቀ። ቀጠለና "17 ቁጥር ከነሐሴ ጀምሮ ባዶ ነው ስትዪኝ አልነበር? 11 ቀን የሚለው ከየት መጣ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው። 15 ክፍሎች ወሩን ሙሉ ሰው ነበረባቸው። 4 ቁጥር ጥቅምት 4 ወጣ፣ አዲሱ 25 ገባ። 9 ቁጥር 10 ወጣ፣ 19 ተያዘ። 12 ቁጥር 2 ወጣ፣ 7 ተያዘ። 20 ቁጥር 15 ወጣ፣ 28 ተያዘ። 17 ቁጥር ነሐሴ 20 ወጣ፣ ይኸው እስካሁን ባዶ ነው።

በጥቅምት ባንክ የገባው 63,000 ብር ነው። መግባት የነበረበት የ19 ተከራይ፣ 57,000። አራቱ የወጡት የከፈሉት ወር ሲያልቅ ስለሆነ ከእነሱ የምጠብቀው የለም።

---

ዓባይ ማዶ | ኅዳር 3

ብዙ አታስጨንቂው እህቴ። 95 በመቶው ልክ ነው፣ 19 ለ20 ማለት ነው። እሱን ተዪው።

ብሩ ላይ የመስከረም ውዝፍ ቀላቅለሻል መሰለኝ። እሱን ቀንሺ። ባዶ ቀኑ ላይ ደግሞ 17 ቁጥርን ረስተሻታል። ከነሐሴ 21 ብንቆጥር የነሐሴ 10፣ የመስከረም 30፣ የጥቅምት 30፤ 70 ቀን። ከሌሎቹ ጋር ደምረሽ ለ5 ስታካፍዪው 22.8 ቀን ይመጣል። ይኼ ነው እውነተኛው አማካይ።

መቀያየሩ ደግሞ 4 ለ20፣ 20 በመቶ ነው። በ12 ስታበዢው የዓመቱ 240 በመቶ ነው። ኧረ ይኼስ ያስደነግጣል፣ ሰዎቹን ምን እያደረግሻቸው ነው? 😄

---

ጣና ዳር ፔንሲዮን | ኅዳር 3

እኔ ሐይቁ ዳር 14 አልጋ ክፍል አለኝ። በአንድ ቀን ቁጥር ብሄድ ኖሮ እብድ ነበር የምሆነው። ቅዳሜ ማታ ሙሉ ነው፣ ማክሰኞ አራት ክፍል። ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ ቦታ የለኝም ብዬ ሰው እመልሳለሁ። ስለዚህ የምቆጥረው ሌሊት ነው። 14 ክፍል በ30 ሌሊት 420 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተሸጠ?

እና 17 ቁጥርን ለምን በወር ታስቀምጫለሽ? ለእንግዳ በሌሊት አከራዪው እንጂ። አንሶላና ፎጣ ብቻ ነው የሚጎድልሽ።

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 4

የፔንሲዮኑ ወንድማችን ምክሩን ትንሽ ለሌላ ጥያቄ ነው የሰጠው። ተማሪና ቤተሰብ ባለበት ግቢ ውስጥ በሌሊት እንግዳ ማስገባት ሌላ ጣጣ አለው። አቆጣጠሩ ግን ልክ ነው። የ95 በመቶው ችግር እዚያ ላይ ነው ያለው።

95 በመቶ ማለት ጥቅምት 30 ማታ በር በር ብታንኳኪ ከ19 ሰው ይመለስልሻል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበሩት 29 ቀናት ምንም አይልም። 20 ቁጥር 28 ላይ ስለተያዘ ወሩን ሙሉ ሰው እንደነበረበት ተቆጥሯል። ሪፖርቱን በ17ኛው ቀን ብትሠሪው ኖሮ 4፣ 9፣ 17 እና 20 ባዶ ነበሩ፤ 80 በመቶ ይመጣልሽ ነበር። ግቢው ያው ነው፣ የተለወጠው ያየሽበት ቀን ነው።

ስለዚህ ክፍል በቀን ቁጠሪ። የኛ ወር ሁሌም 30 ስለሆነ ይመቻል። 20 ክፍል በ30 ቀን 600 ነው። ወሩን ሙሉ የተያዙት 15ቱ 450 ቀን ሰጡ። 4 ቁጥር መጀመሪያ 4 ቀን፣ መጨረሻ ላይ 6 ቀን፣ በድምሩ 10። 9 ቁጥር 22። 12 ቁጥር 26። 20 ቁጥር 18። 17 ቁጥር ዜሮ። ጠቅላላ 526። ለ600 ሲካፈል 87.7 በመቶ።

የቀሩት 74 ቀናት ባዶ ናቸው። ክፍሉ በቀን 100 ብር ስለሚያወጣ 7,400 ብር ሄደ ማለት ነው። በ95 በመቶው ስሌት ግን የጠፋው የአንድ ክፍል ኪራይ፣ 3,000 ብር ብቻ ይመስላል። ወንድምሽ "ብሩ የት ገባ?" ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ወደ 11 ቀኑ። ኤክሴልሽ አዲሱ ሰው ከገባበት ዋዜማ የድሮው የወጣበትን ቀን ይቀንሳል አይደል? አዲስ ሰው ያልገባበት ክፍል የሚቀነስበት ቀን ስለሌለው ራሱ ከስሌቱ ይወጣል። ለዚህ ነው 20፣ 8፣ 4 እና 12 ብቻ ተደምረው ለ4 ተካፍለው 11 የሆኑት። ይኼ ክፉ አማካይ ነው፤ ለመከራየት አስቸጋሪ የሆነው ክፍል በረዘመ ቁጥር ሪፖርቱ አያየውም።

ዓባይ ማዶ ይኼን አይተሃል፣ ጎበዝ። ግን ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ ጳጉሜን ዘለልካት። 2017 ላይ ጳጉሜ 5 ቀን ነበረች፤ ስለዚህ 75 ነው፣ 70 አይደለም። ሁለተኛ 75ን ካለቁት ጋር አትደምረው። ያልተከራየ ክፍል 75 ቀን "ፈጀ" አይባልም፣ ገና እየፈጀ ነው። በማግስቱ 76 ይሆናል። ከደመርከው ማንም ምንም ሳይሠራ አማካዩ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። እኔ ጎን ለጎን ነው የማስቀምጠው፦ በዚህ ወር የተከራዩት 4 ክፍሎች በአማካይ 11 ቀን፤ እስካሁን ባዶ 1 ክፍል፣ 75 ቀን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 17 ቁጥር በኅዳር ቢከራይ እነዚያ ሁሉ ቀናት የኅዳር አማካይ ላይ ዱብ ይላሉ። ጥሩ ሥራ የሠራሽበት ወር መጥፎ ሆኖ ይታያል። ወንድምሽን ከአሁኑ ንገሪው።

---

ፔዳ ጎረቤት | ኅዳር 4

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ 4 ቁጥር 20 ቀን ባዶ የዋለው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ያፈሳል። ቧንቧ ሠሪው ዛሬ ነገ እያለ 13 ቀን አስጠበቀኝ። ተጠግኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ በ7 ቀን ሰው ገባ። እሱም እንደ ባዶ ቀን ይቆጠራል?

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 4

ይቆጠራል፣ ኪራዩ ቀርቷልና። ግን ሁለት ቦታ ክፈዪው። ቁልፍ ከተረከብሽበት ቀን እስከሚጸዳና እስከሚጠገን ድረስ አንድ ዓምድ። ለሰው ማሳየት ከቻልሽበት ቀን እስከሚያዝ ድረስ ሌላ ዓምድ።

ለምን መሰለሽ? 20 ቀን የሚለውን ብቻ ያየ ሰው "ዋጋ ቀንሺ" ወይም "ደላላ ቀይሪ" ይልሻል። 4 ቁጥር ላይ ዋጋ ብትቀንሺ ምንም አይፈይድም። ችግሩ ባለሙያው ነው። 7 ቀን ደግሞ መጥፎ አይደለም። 17 ቁጥርስ? ለማሳየት ዝግጁ የሆነው መቼ ነው?

---

ፔዳ ጎረቤት | ኅዳር 4

17 በማግስቱ ነው የተዘጋጀው። ነሐሴ 21 ጀምሮ ሰው እያየው ይሄዳል። መስኮቱ ፊት ለፊት ሮቶው አለ። ቀን በቀትር መብራት ካላበሩ አይታይም።

---

ዓባይ ማዶ | ኅዳር 4

ጳጉሜን መርሳቴ ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ግን በጳጉሜ ኪራይ አይጠየቅማ! እንደልማዱ የ12 ወር ነው የሚከፈለው። ገንዘብ የማታመጣ ቀን ምን ብላ ባዶ ቀን ትባላለች?

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 5

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ቀኑን እቆጥራለሁ፣ ብሩን አልቆጥርም። ባዶ ክፍል በጳጉሜም ባዶ ነው፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አድርጌ 35 ቀን እይዘዋለሁ፤ ለ20 ክፍል 700 ማለት ነው። የጠፋ ኪራይ ሳሰላ ግን አልከፍልባትም። በዚህ ላይ ከኔ ጋር የማይስማሙ የሂሳብ ሰዎች አውቃለሁ። ዋናው ነገር ዓመት ከዓመት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

---

ኤክሴል ፈሪ | ኅዳር 5

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። እኔ ሽምብጥ ሦስት ክፍል ብቻ ነው ያለኝ። ኤክሴል ላይ 30/2/2018 ስጽፍ አይቀበለኝም። ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ይጠጋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። እናንተ እንዴት ነው ቀን የምትቀንሱት?

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 5

ከርዕሱ አልወጣህም፣ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል 30/2 ስትለው የፈረንጅ ፌብሩዋሪ መስሎት ነው፤ 30 ስለሌላት እንቢ ይላል። ወደ ግራ የተጠጋው ቢያንስ ምልክት ይሰጥሃል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተቀበለው ነው። 21/12/2017 እና 30/1/2018 ብለህ ብትቀንስ 40 ይልሃል፣ የዲሴምበርና የጃንዋሪ መስሎታል። በኛ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 30 ግን 44 ነው።

ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይተህ ጻፍ። ቀኑ A፣ ወሩ B፣ ዓመቱ C ላይ ከሆነ፣ አራተኛው ላይ ይኼን አስገባ፦

```
=365*C2+INT(C2/4)+30*B2+A2
```

ጳጉሜ 13ኛ ወር ናት። ስድስት የምትሆንበትንም ዓመት ቀመሩ ራሱ ይይዘዋል። የሚወጣው ትልቅ ቁጥር ለብቻው ትርጉም የለውም፤ ሁለቱን ስትቀናንስ ግን ትክክለኛው ቀን ይመጣል። መነሻውንና መድረሻውን ቀን ሁለቱንም የምትቆጥር ከሆነ 1 ጨምር። የ17 ቁጥር 74 ይልሃል፣ አንድ ስትጨምር 75።

---

ፔዳ ጎረቤት | ኅዳር 6

ቀመሩን ሞከርኩት፣ ሠራ! አሁን የቀረኝ 110 በመቶው ነው። የባንኩን ደረሰኝና የቴሌብር መልእክቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከ63,000 ውስጥ 9,000ው የመስከረም ዕዳ ነው፣ ሦስት ሰዎች ዘግይተው የከፈሉት። 6,000ው ደግሞ ሁለት አዲስ ገቢዎች የኅዳርንም ጨምረው ነው የከፈሉት።

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 6

ይኸው ተፈታ። 63,000 ሲቀነስ 9,000፣ ሲቀነስ 6,000፣ 48,000 ይቀራል። የጥቅምት ኪራይ ከጥቅምት የተሰበሰበው ይኼ ነው። ለ57,000 ሲካፈል 84.2 በመቶ። ሦስት ሰው አልከፈለም ማለት ነው።

ዓባይ ማዶ ውዝፉን ያነሳው በትክክል ነው፤ ግን ውዝፉን ብቻ ብትቀንሺ 54,000 ይሆንና 94.7 በመቶ ይመጣል። ያ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ገንዘብ ለዚህ ወር ሰጠ ማለት ነው። ቅድሚያ ክፍያ በጣም ያታልላል። ዛሬ ሪፖርቱን ያሳምረዋል፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ገንዘቡ ስለማይገባ ያሳጣሻል። በነገራችን ላይ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ስለዚህ ዓምዱ ብዙም አይሰፋም።

የምመክርሽ እያንዳንዱ ገቢ ሲመዘገብ "የየትኛው ወር ነው" የሚል ዓምድ እንዲኖረው ነው። ገንዘቡ የገባበት ቀን አንድ ዓምድ፣ የሚከፈልለት ወር ሌላ። ሁለት ወር አንድ ላይ ከከፈለ ሁለት መስመር አድርጊው። ይኼን ካደረግሽ ከመቶ በላይ የሚባል ነገር አይመጣም። ከመጣ ምዝገባው ተሳስቷል።

እና ወሩን ሁለት ጊዜ እዪው። አንዴ በ30 ዝጊና አትንኪው። ሁለተኛ በሚቀጥለው ወር 10 ላይ የዚያኑ ወር ምን ያህል እንደተሟላ ጻፊ። የዘገየና የማይከፍል ሰው የሚለየው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር እያስተካከልሽ ከሄድሽ ወሮቹ ሁሉ ወደ 100 ይጠጉና ዘግይቶ መክፈል የሚባል ነገር ግቢሽ ውስጥ የሌለ ይመስላል።

---

ጣና ዳር ፔንሲዮን | ኅዳር 6

እኔ ሁሉንም ቅድሚያ ነው የምቀበለው፣ ስለዚህ 100 ነኝ 😎

---

ዓባይ ማዶ | ኅዳር 7

እሺ ጋሼ፣ ብሩ ላይ አሳመኑኝ። 240 በመቶዬንስ?

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 7

እሱን ጣለው። ጥቅምት ተማሪም ሠራተኛም ቦታ የሚይዝበት ጊዜ ነው፣ በ12 ማብዛት አይሆንም። ያለፉትን 12 ወራት የወጡትን በሙሉ ቁጠሩ፣ ለክፍል ብዛት አካፍሉ። እህቴ፣ ከኅዳር 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ስንት ሰው ወጣ? ከየትኛው ክፍል እንደሆነም ጻፊልን።

---

ፔዳ ጎረቤት | ኅዳር 11

ዘገየሁ፣ ደብተሩን መገልበጥ ጊዜ ወሰደ። 13 ሰው ወጥቷል። ከ4 ቁጥር አራት ጊዜ፣ ከ17 ቁጥር ሦስት ጊዜ። የቀሩት ስድስቱ ከስድስት የተለያዩ ክፍሎች አንድ አንድ ጊዜ ናቸው። 12 ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሰው አልቀየረም።

የጥቅምት ኪራይም በኅዳር 10 ሲታይ 54,000 ደርሷል፣ 94.7 በመቶ። የቀረው 6 ቁጥር ብቻ ነው። እሱ በመስከረምም ካዘገዩት አንዱ ነበር።

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 11

13 ለ20፣ 65 በመቶ። ይኼ ቁጥር ግን ብቻውን ግቢው ሰው የማያስቀምጥ ያስመስለዋል። የላክሽው ዝርዝር ሌላ ነው የሚናገረው፤ ከ13ቱ 7ቱ ከሁለት በር ነው የወጡት። 4 ቁጥር ላይ ቧንቧው ያርሰዋል። ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ያምራል፣ ሰው ይገባል፣ ሁለት ሦስት ወር ሳይቆይ ግድግዳው ይሻግትና ይወጣል። ለዚህ ነው ቶሎ የሚከራየውም ቶሎ የሚለቀቀውም። አሁን የተጠገነው ቧንቧው ራሱ ነው ወይስ ግድግዳው ብቻ?

17 ደግሞ ከበር ላይ ነው የሚመለሱት፣ ስለዚህ ባዶ ቀኑ ይረዝማል። በዳሽቦርዱ ላይ ከመቶኛው ስር በክፍል ቁጥር የወጡበትን ብዛት አስቀምጪ፣ ወንድምሽ ይኼን ካየ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

---

ዓባይ ማዶ | ኅዳር 11

17ን 2,500 አድርጊውና ይከራይ በቃ። በዓመት የምታጪው 6,000 ነው። ባዶ ሆኖ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ ወደ 7,500 በልቶብሻል።

---

ደብተር ያዥ | ኅዳር 12

ጳጉሜን አስገብተህ ነው እኮ 7,500 ያልከው 😄 7,000 በለው። ስሌቱ ግን ያስኬዳል። የኔ ስጋት ሌላ ነው። 16 እና 18 "ለእኛስ?" ይላሉ። ሁለቱ 500፣ 500 ካስቀነሱ በዓመት ሌላ 12,000 ነው። ሮቶውን ማዛወር ስንት ያስወጣል?

---

ፔዳ ጎረቤት | ኅዳር 12

ጋሼ፣ 4 ቁጥር ላይ ቧንቧ ሠሪው ማያያዣውን ብቻ ነው የቀየረው፤ ቧንቧው የድሮው ነው። ሮቶውን ለማዛወር ደግሞ መቆሚያው በብሎኬት የተሠራ ስለሆነ ግንበኛ ነገ መጥቶ አይቶ ዋጋ ሊነግረኝ ነው። ወንድሜ ግን ዓባይ ማዶ ባለው ተስማምቷል፣ 2,500 በዪ ብሎኛል። የ16 ቁጥሯ እትዬ ከሰማች ወዮልኝ።

---

ዓባይ ማዶ | ኅዳር 12

መስኮታቸው ፊት ሮቶ ከሌለ ምን ብለው ነው የሚጠይቁት? ውሉ ላይ "በብርሃን ማነስ ምክንያት" ብለሽ ጻፊው።